58 ብሎ 3፣ 57.65 ብላ 6፦ «በሂሳብ ግማሽ ትክክል የለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የልጄ የ9ኛ ክፍል ሚድ ላይ የመጣ ጥያቄ ነው። የአንድ ሬክታንግል ቦታ ርዝመቱ ከወርዱ በ5 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ 204 ካሬ ሜትር ነው። ዙሪያውን ለማጠር ስንት ሜትር አጥር ያስፈልጋል? 7 ማርክ። ልጄ 58 ብሎ ትክክሉን ጻፈ፣ 3 አገኘ። የጎረቤታችን ልጅ 57.65 ብላ ተሳሳተች፣ 6 አገኘች። ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ፤ እናንተው ፍረዱ።»

እሺ፣ እንፍረድ። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሂሳብ አስተምራለሁ። በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ይታረም የሚለው ጽሑፍዎ ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ እኛ ሠፈር ያሉ ወላጆች ስልክ ውስጥ ሁሉ ገብቷል፤ ሰሞኑን ክፍል በገባሁ ቁጥር የምጠየቀው ይሄንኑ ነው። የልጅዎን አስተማሪ አላውቃቸውም፣ የማረሚያ ቁልፋቸውንም አላየሁም። ግን ፎቶው ጥሩ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ የተደረጉት ራይቶች የት የት እንዳረፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከራይቶቹ ተነስቶ ቁልፉን መገመት ለአስተማሪ ከባድ አይደለም።

ወርዱን w ካልነው ርዝመቱ w+5 ይሆናል። w(w+5)=204 ብሎ ኢኩዌሽኑን ለመሠረተ 1 ማርክ። w²+5w−204=0 ብሎ በትክክል ላስተካከለው ሌላ 1። ይሄንን በፋክተራይዜሽን ወይም በኳድራቲክ ፎርሙላ መፍታት ለጀመረ 1፣ 12 እና −17 ላይ ለደረሰ 1። −17ን ለምን እንደማይሆን ተናግሮ ለጣለ 1፣ ወርድ ኔጌቲቭ አይሆንማ። ከዚያ ወርዱንና ርዝመቱን ደምሮ በ2 ላባዛ 1፣ 58 ሜትር ብሎ ለጨረሰ የመጨረሻዋ 1። ሰባቱ አለቁ።

ማርኮቹ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በካምብሪጅ ፈተናዎች የእርማት ቁልፍ ላይ M፣ A እና B የሚባሉ ፊደሎች አሉ። M መንገዱን ለያዘ የሚሰጥ ነው፣ የቁጥር ስህተት አይወስደውም። A በዚያ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ ውጤት ላገኘ ነው፣ M ያላገኘ ሰው A አያገኝም። B ደግሞ ከሌላው ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ማርክ ነው። እኛ አገር እንደዚህ በፊደል የሚጽፍ አስተማሪ ብዙ አላየሁም። ግን ወርክ አውት በደንብ የሚያርም ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በዚህ መንገድ ነው የሚያስበው።

አሁን ወደ ልጅቷ ወረቀት። ኢኩዌሽኑን በትክክል መሥርታለች፣ በትክክል አስተካክላለች፣ ኳድራቲክ ፎርሙላ ውስጥ በትክክል አስገብታለች። ከዚያ 4 ጊዜ 204ን ስታባዛ 816 ማለት ሲገባት 806 አለች። ስህተቷ ይሄ ብቻ ነው። 25 ደምራ 831 አገኘች፣ ስኩዌር ሩቱ 28.83 ገደማ ሆነ፣ ወርዱ 11.91 ወጣ። ሁለተኛውን መልስ «ኔጌቲቭ ስለሆነ አይሆንም» ብላ ሰረዘችው። ርዝመቱን 16.91 አለች፣ ዙሪያውን ቁጥሮቹን ሳታጠጋጋ ሠርታ 57.65። ከ806 በኋላ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ካልኩሌተር ይዤ አየሁት፣ አንድም ሌላ ስህተት የለም።

ስለዚህ የጠፋችው ማርክ አንድ ናት፣ 12 እና −17 ላይ የምትሰጠዋ። የመጨረሻዋን ማርክ አስተማሪው የሰጧት በራሷ ቁጥር ተከትለው ነው። ማለትም «ወርዱ ትክክል ቢሆን ኖሮ 57.65 ትክክል ነበር» ብለው። ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፤ አንድ ስህተት አንዴ ይቀጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መስመር ሁሉ ለዚያው ጥፋት ደግሞ አይከፍልም። አንዳንድ ቁልፍ ግን የመጨረሻው ማርክ ላይ «58 ብቻ» ይላል። እንደዚያ ቢሆን ልጅቷ 5 ታገኝ ነበር። 5ም 6ም ያስኬዳል፣ ብቻ ከፈተናው በፊት የተወሰነ ይሁን። 0 ግን በምንም አይወጣም።

እግረ መንገዴን፣ ያጣቻት አንድ ማርክ ልትተርፍ ትችል ነበር። ከመጨረሷ በፊት 11.91ን በ16.91 ብታባዛው 201.4 ገደማ ይወጣላት ነበር። ጥያቄው 204 ነው የሚለው። ያኔ ወደ ላይ ተመልሳ 806ን ታገኘው ነበር።

የልጅዎ ወረቀት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይገርማል። እውነቴን ነው፣ ብዙ ጊዜ ወስጄ ያየሁት እሱን ነው። እሱም ኢኩዌሽኑን በትክክል መሥርቷል፣ በትክክል አስተካክሏል፣ (w+17)(w−12)=0 ብሎ አሳምሮ ፋክተር አድርጓል። እስከዚህ 3 ማርክ፣ ሦስቱም ራይት አላቸው። ቀጥሎ ያለው መስመር «w=17፣ w=12» ይላል። ኔጌቲቩ የለም። ከዚያ 2(17+12)=58።

w=17 ቢሆን ርዝመቱ 22 ነው፣ ስፋቱ 374 ይሆናል እንጂ 204 አይሆንም። ልጁ ግን 22ን የትም አልጻፈም። ሁለቱን መልሶች አንዱን ርዝመት፣ አንዱን ወርድ አድርጎ ወሰዳቸው። «ርዝመቱ ከወርዱ በ5 ይበልጣል» የሚለውን ኢኩዌሽን ለመመሥረት ተጠቀመበት፣ ከዚያ ረሳው።

ታዲያ 58 ከየት መጣ? እንዲሁ በዕድል አልመጣም። ርዝመቱ ከወርዱ በሆነ ቁጥር ይበልጣል የሚል ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው መልስ ሁልጊዜ ርዝመቱ ራሱ ነው፣ ኔጌቲቭ ምልክት ተለጥፎበት። እዚህም 12 ወርዱ ነው፣ −17 ደግሞ የ17 ኔጌቲቭ። ስለዚህ ምልክቱን በስህተት የጣለ ልጅ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ያርፋል። ልጅዎ ይሄን አስተውሎ «ሁለተኛው መልስ የርዝመቱ ኔጌቲቭ ነው፣ ምክንያቱም…» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እኔ 7 ከ7 ሰጥቼ ወረቀቱን ለሌሎች አስተማሪዎች አሳይ ነበር። የጻፈው ግን w=17 ነው። ይሄ ደግሞ ውሸት ነው።

ጥያቄውን ትንሽ እንቀይረው። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ሲደመር 1 ይሁን፣ ስፋቱ 55። 2w²+w−55=0 ይሆናል፣ መልሶቹ 5 እና −5.5 ናቸው። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 11፣ ዙሪያው 32። በልጅዎ መንገድ ግን 5 እና 5.5 ተደምረው በ2 ሲባዙ 21 ይወጣል። ከ32 ሜትር አጥር 11ዱ ጎደለ ማለት ነው።

እኔ የምጠረጥረውን ልንገርዎት። «ዙሪያው 58፣ ስፋቱ 204፣ ርዝመትና ወርዱን ፈልግ» የሚል ጥያቄ በየመልመጃው አለ። እሱ ሲሠራ w²−29w+204=0 ይወጣል። መልሶቹ 12 እና 17 ናቸው፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ፣ አንዱ ወርድ አንዱ ርዝመት። ልጅዎ ያንን ዓይነት ደጋግሞ ሠርቶ ይመስለኛል፣ ልምዱን እዚህ ይዞት መጣ። ማጥኛ ላይ አብረው ተቀምጠው ይሄንን ቢያዩት ይሻላል፣ ከ3ቷ ማርክ ይልቅ ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው።

እንግዲህ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ እንረም ከተባለ፣ አንድ ማባዛት ያሳታት ልጅ 0፣ የኢኩዌሽኑን መልስ ምን ማለት እንደሆነ ያልተረዳው ልጅ 7 ያገኛሉ። ካምብሪጆቹ A ማርክ ከ M ጋር የታሰረ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ትክክለኛ ቁጥር በተሳሳተ ሥራ ከመጣ ማርኩ አይሰጥም።

«ግማሽ ማርክ የአስተማሪ ቸርነት ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ አንዱ 5 ይሰጣል፣ ሌላው 1። ቁጥሩን ብናይ ግን ሁላችንም እንስማማለን።»

እዚህ ላይ ነጥብ አለዎት፣ አልክድም። እንዲያውም ማስረጃ ልጨምርልዎት። በ1913 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስታርች እና ኤሊየት የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከ100 ለሚበልጡ የሂሳብ አስተማሪዎች ላኩ። ያው አንድ ወረቀት ነው፣ ከ100 እንዲታረም። ከ30 በታች የሰጠ ነበር። ከ90 በላይ የሰጠም ነበር። ሂሳብ ላይ፣ ልብ ይበሉ፣ ድርሰት ላይ አይደለም።

ግን እነዚያ አስተማሪዎች የጋራ ቁልፍ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ በራሱ ልማድ አረመ። መድኃኒቱም ቁልፉን ቀድሞ መጻፍ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካው ኤፒ ካልኩለስ ፈተና ላይ እያንዳንዱ የጽሑፍ ጥያቄ 9 ነጥብ አለው፣ እያንዳንዷ ነጥብ ለምን እንደምትሰጥ ተጽፏል። አራሚዎቹም እውነተኛውን ወረቀት ከመንካታቸው በፊት በናሙና ወረቀቶች ይለማመዳሉ።

እኛ ጋ ይሄ ሁሉ የለም። አንድ አስተማሪ ነው፣ በርከት ያሉ ሴክሽኖች አሉት፣ ወረቀቱን ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ቢሆንም ብዙ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጥያቄውን ራሱ ሠርቶ ማርኩን መስመር በመስመር ከፈተናው በፊት ማስፈር። ሁለተኛው፣ የአንድ ልጅ ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አርሞ ወደ ቀጣዩ ከመሄድ ይልቅ፣ የሁሉንም ልጆች ጥያቄ 1 መጨረስ፣ ከዚያ ጥያቄ 2። እንደዚህ ሲሆን ቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጣል፣ ማታ ሲደክም የሚመጣው ልግስና ወይም ንዴትም ይቀንሳል።

መጥፎውን እርማት መለየት ከፈለጉ ደግሞ ምልክቱን ልንገርዎት። ራይቱ ወይም ኤክሱ መልሱ ላይ ብቻ ካረፈ፣ ከዚያ ከጎኑ «3.5» ተብሎ አንድ ቁጥር ከተጻፈ፣ አራሚው መስመሮቹን አላነበበም። ያ በእውነትም ቸርነት ነው፣ ይከራከሩ። እርስዎ የላኩት ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱ ራይት የራሱ መስመር ላይ ነው ያለው። 806 ላይ በቀይ ተከቦበታል። የልጅዎ w=17 ሥርም ተሰምሮበታል።

አንድ ለራሱ ውሳኔ የሚፈልግ ነገር አለ። ስህተቱ ጥያቄውን ካቀለለውስ? በየዓመቱ የማየው ነው፣ ቅንፉን የሚረሳ ልጅ አይጠፋም። w(w+5) በማለት ፈንታ w²+5=204 ይላል። ከዚያ w²=199፣ w ወደ 14.1፣ ዙሪያው 66.4 ገደማ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው ልክ ነው። ታዲያ እንደ ልጅቷ ተከትለን ማርክ እንስጠው? አይሆንም። እሷ ያን ኳድራቲክ እስከ መጨረሻው ታግላዋለች። እሱ ግን ኳድራቲክ ፎርሙላ የሚያስፈልግበት ቦታ አልደረሰም፣ ስህተቱ አሻግሮታል። ያልሠራው ሥራ ማርክ የለውም። የዙሪያዋን ማርክ ያገኛል፣ ኔጌቲቩን ምክንያት ሰጥቶ ከጣለም አንድ ይጨመርለታል፣ የመፍቻው ማርኮች ግን የሉም። እንግዲህ ቸርነት ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም ልጆች እኩል ባዘንን ነበር።

«ገጽ ሙሉ ፎርሙላ የሞነጨረ ሁሉ ማርክ ይለቅማል።»

የሚለቅምበት ክፍል ካለ ቁልፉ መጥፎ ነው። ፎርሙላ መጻፍ ብቻውን ማርክ የለውም። ካምብሪጆቹ በግልጽ ያስቀመጡት ነገር ነው፤ ፎርሙላው በተሰጠው ጥያቄ ላይ መዋል አለበት፣ «በዚህ ልሠራ አስቤ ነበር» ማለት አይበቃም። ኳድራቲክ ፎርሙላውን የጻፈ ልጅ a=1፣ b=5፣ c=−204 ብሎ እስኪያስገባ ድረስ ምንም አላሳየኝም። ፎርሙላውን ከጎኑ ያለው ልጅም ያውቀዋል፣ ግድግዳው ላይም ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሁለት የተለያየ ሥራ ጎን ለጎን ጽፎ «የተሻለውን ይምረጡልኝ» የሚል ልጅ ነው። እኔ አልመርጥም። አንዱን እንዲሰርዝ ከፈተናው በፊት እነግራቸዋለሁ፣ ሁለቱን ከተዋቸው ደካማውን አርማለሁ። ይሄ የኔ ሕግ ነው፣ ሌላ አስተማሪ ሌላ ሊኖረው ይችላል።

«12ኛ ላይ የሚጠብቃቸው ምርጫ ነው። ማሽኑ ስቴፕ አያይም። ታዲያ ለምን በስቴፕ ያለማምዷቸዋል?»

ልክ ነው፣ ማሽኑ የተመረጠውን መልስ ብቻ ነው የሚያነበው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝ በወርክ አውት ይታረም ቢባል ማን ይጨርሰዋል?

ግን ምርጫ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስቡት። ይሄው የአጥሩ ጥያቄ በምርጫ ቢመጣ የሚቀመጡት ቁጥሮች ዝም ብለው የተወረወሩ አይሆኑም። 58 አለ። 29 አለ፣ ደምሮ በ2 ማባዛት ለረሳ ልጅ። 78 አለ፣ 17ን ወርድ አድርጎ 22 ለጨመረበት። 66.4 አለ፣ ቅንፉን ለረሳው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ በሆነ የተሳሳተ መንገድ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነው፣ ልጁ ሲደርስ «አገኘሁት» ብሎ እንዲያጠቁር። ልጆቹ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያዳልጣቸው የሚያውቁት በወርክ አውት እርማት ነው። ምርጫ ብቻ ሲሠሩ የከረሙ ልጆች 78ን ለምን እንደመረጡ ብጠይቃቸው አይነግሩኝም።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ በምርጫ ቢሆን ልጅቷ 57.65 እንደሌለ አይታ ትመለስና 58 ታጠቁር ነበር። ልጅዎም 58 ያጠቁራል። ሁለቱም እኩል። እርስዎም ደስ ይልዎታል፣ የ w=17 ጉዳይ ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተሸፍኖ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሚዱም ፋይናሉም ላይ ወርክ አውት አለ።

«እኔ ሳይት ላይ የምውል መሐንዲስ ነኝ። ብረት አሳስቼ ባሰላ ግማሽ የሚያመሰግነኝ የለም።»

ማንም አያመሰግንዎትም፣ እውነት ነው። ግን የእርስዎ ስሌት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሌላ መሐንዲስ ያየዋል አይደል? እሱ የሚያየው ምንድን ነው፣ የመጨረሻውን ቁጥር ነው ወይስ ስሌቱን ከነመስመሩ? መልሱን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። የ9ኛ ክፍል ልጅ የሚያሰላለት አጥር ደግሞ የለም፣ ወረቀት ነው። ሰዓት ተይዞበት፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ማንም ሳያይለት።

«ትምህርት ቤቱ ልጄ ላይ የወሰደውን 4 ማርክ ይመልስ።»

አራቱን አይመልሱም፣ መመለስም የለባቸውም። 12 እና −17 የሚለው ማርክ የሱ አይደለም፣ 17 አለ እንጂ −17 አላለም። ኔጌቲቩን የመጣል ማርክም የሱ አይደለም፣ ያልነበረን ነገር መጣል አይቻልም። የመጨረሻው 58 ከተሳሳተ መስመር ስለመጣ አይሰጥም።

አንዷ ማርክ ላይ ግን ይሂዱና ይጠይቁ። ስድስተኛዋ፣ የዙሪያው መንገድ። 2(17+12) ላይ ራይትም ኤክስም የለም፣ ባዶ ነው። ቁልፉ «የሁለቱን ጎኖች ድምር በ2 ላባዛ» የሚል ከሆነ ልጅዎ ሠርቶታልና ማርኳ ትገባዋለች፣ 4 ይሆናል። «w እና w+5ን ደምሮ በ2 ላባዛ» የሚል ከሆነ ግን ልጁ w+5ን አልተጠቀመም፣ 3 ላይ ይቆማል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ነበር የምጽፈው፣ ዙሪያ ማግኘት መቻሉን ነው የምፈልገው፣ የጎኖቹ ስህተት ላይ አስቀድሞ ተቀጥቷል።

ሲሄዱ ወረቀቱን ይያዙ፣ ልጁንም ይዘው ይሂዱ። «58 ትክክል ነው» ብለው አይጀምሩ፣ አስተማሪው ያንን ያውቃሉ። «ቁልፉ ላይ ስድስተኛዋ ማርክ ለምንድን ነው የምትሰጠው?» ብለው ይጠይቁ።